ከሉፕ ወደ ሸክላ፦ «አዝ ዊ ኤንተር» እና «የግሌ ትዝታ»

እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካዊው ራፐር ናስና የቦብ ማርሊ ልጅ ዴሚያን ማርሊ «ዲስታንት ሬላቲቭስ» የተባለ አልበም አብረው አወጡ። የአልበሙ መክፈቻ «አዝ ዊ ኤንተር» ይባላል። ሁለቱ ድምፃውያን አንዱ ሲያቆም ሌላው እየተቀበለ፣ ትንፋሽ በማያሰጥ ፍጥነት ይቀባበላሉ። ከሥራቸው ግን ከዘፈኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው የሚመላለስ አንድ አጭር የሙዚቃ ሐረግ አለ። የስድሳዎቹንና የሰባዎቹን የአዲስ አበባ ሙዚቃ እየሰማ ያደገ ሰው ግጥሙን ሳይጨርስ ወደዚያ ሐረግ ጆሮውን ይጥላል። ሐረጉ ኪንግስተንም ኒውዮርክም የተወለደ አይደለም። የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ነው።

ይህን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ማረጋገጥ ሌላ ነገር ነው። «ይሄ ዜማ ከእኛ ነው» የሚል ክርክር በየታክሲውና በየካፌው እንሰማለን፤ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፣ ብዙ ጊዜም ስሕተት ነው። አንድን ሉፕ ከአዲሱ ዘፈን አውጥቶ የተቀዳበትን ሸክላ እስከማግኘት የሚያደርስ መንገድ ግን አለ፤ ጆሮ፣ ሰዓትና ትዕግሥት ያለው ሁሉ ሊሄድበት ይችላል። «አዝ ዊ ኤንተር»ን የመረጥኩት መነሻውም መድረሻውም የታወቀ ስለሆነ ነው። መልሱ በታወቀ ጉዳይ ላይ ዘዴውን የተለማመደ ሰው፣ መልሱ ባልታወቀው ላይ ሲደርስ በየትኛው ምልክት ላይ መተማመን እንዳለበት ያውቃል።

በመጀመሪያ ስለ ነገሩ ምንነት። ሳምፕል ማለት ከተቀዳ ሙዚቃ ላይ ተቆርጦ የተወሰደ የድምፅ ቁራጭ ነው። ቁራጩ ጫፉ ከጫፉ ተገጥሞ ያለማቋረጥ ሲመላለስ ሉፕ ይባላል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሳምፕል ያደረገ ፕሮዲውሰር የወሰደው ዜማውን ብቻ አለመሆኑ ነው። የወሰደው በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ የተወሰኑ ሰዎች በእጃቸው ያወጡትን ድምፅ ነው። የቤዝ ተጫዋቹ ጣት ክሩን የለቀቀበት ቅጽበት፣ የክፍሉ ገደል ማሚቶ፣ የማይክሮፎኑ ሻካራነት ሁሉ አብሮ ይመጣል። ፍለጋውን የሚቻል የሚያደርገውም ይኸው ነው። ዜማ ማንም መልሶ ሊጫወተው ይችላል፤ ያንን ቅጽበት ግን የተጫወቱት ሰዎች ራሳቸው እንኳ መልሰው ሊያመጡት አይችሉም።

እንግዲህ ሥራው የሚጀምረው ከድምፃውያኑ በታች ያለውን ከመስማት ነው። በጆሮ ማዳመጫ ስትሰሙ ለጊዜው ቃላቱን ተዉአቸው። አዲስ የተጨመረውን ለዩት፤ ጠንካራውና ንጹሑ ከበሮ፣ ጥልቁ ቤዝ፣ ደማቁ የድምፃውያኑ ድምፅ ባብዛኛው የአዲሱ ዘፈን ነው። ከእነርሱ ኋላ፣ ትንሽ ደብዘዝ ያለ፣ ሁሉም መሣሪያ በአንድ ላይ ተጣብቆ የሚሰማበት ንብርብር ካለ እርሱ ነው የምትፈልጉት። «አዝ ዊ ኤንተር» ለዚህ ጥሩ መለማመጃ ነው፤ ሉፑ ሳይሸፋፈን ስለተቀመጠ የድሮው ባንድ ከአዲሱ ድምፅ ተለይቶ ይሰማል።

ቀጥሎ የሉፑን ርዝመት ለኩ። አንድ የማትስቱት ድምፅ ምረጡ፤ ጠንከር ያለ የጊታር ምት ወይም የሲምባል ጩኸት ሊሆን ይችላል። ያ ድምፅ እንደገና እስኪመጣ ድረስ ስንት ሰከንድ እንደፈጀና በመካከሉ ስንት ምት እንዳለ ቁጠሩ። ለስሌቱ ያህል፣ ስምንት ምት በ4.8 ሰከንድ የሚያልፍ ሉፕ አገኛችሁ እንበል። ይህ በደቂቃ 100 ምት ማለት ነው። ቁጥሩን ጻፉት፤ በኋላ ያስፈልጋል።

አሁን እጩ መፈለግ ይመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስልኩን አውጥቶ ሻዛምን ይከፍታል። ሻዛም የሚሠራው ከቀረጻው ውስጥ ጎላ ጎላ ያሉትን የድምፅ ነጥቦች ለቅሞ፣ በመካከላቸው ያለውን የጊዜና የከፍታ ርቀት ከመዝገቡ ጋር በማመሳከር ነው። ስለዚህ የሚያውቀው ቀረጻን እንጂ ዜማን አይደለም። አዲሱን ዘፈን ብታሰሙት የአዲሱን ዘፈን ስም ይነግራችኋል፤ ከሥሩ ያለው ሉፕ ተፋጥኖ ወይም ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ የነጥቦቹ ርቀት ስለተለወጠ ድሮውን አያገኘውም። የሚረዳበት አንድ ሁኔታ አለ። ዘፈኑ ውስጥ ድምፃውያኑ ዝም ብለው ሉፑ ብቻውን የሚሰማበት ቦታ ካለ ያንን ቆርጣችሁ፣ ፍጥነቱን ትንሽ በትንሽ እየለዋወጣችሁ ብታሰሙት አንዳንድ ጊዜ ይይዛል። እኔ ግን በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ማጥፋት አልመክርም።

ከስልክ ይልቅ የሚያዋጣው የአልበሙን ጽሑፍ ማንበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 አንድ የኒውዮርክ ፍርድ ቤት ራፐሩን ቢዝ ማርኪን የጊልበርት ኦሳሊቫንን ዘፈን ያለ ፈቃድ ሳምፕል በማድረጉ ጥፋተኛ ካለው ወዲህ፣ ትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች የወሰዱትን ሁሉ አስፈቅደው በአልበሙ ወረቀት ላይ ማስፈር ልማዳቸው ሆነ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ በትልቅ ኩባንያ የወጣ ዘፈን ከሆነ መልሱ እዚያው ወረቀት ላይ በጥቃቅን ፊደል ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በፊት ለወጡት፣ ወይም በአነስተኛ ኩባንያ ለታተሙት ሥራዎች ግን ወረቀቱ ዝም ይላል፤ ዝምታው ሳምፕል የለም ማለት አይደለም።

ወረቀቱ በማይናገርበት ጊዜ ደግሞ የአልበሙ ጎረቤት ዘፈኖች ይናገራሉ። ሉፕ የሚፈልግ ሰው ሸክላ ሲገዛ አንድ ብቻ ገዝቶ አይመለስም፤ ጆሮው በዚያ ሰሞን ወዳዘነበለበት አቅጣጫ ሙሉ ክምር ይዞ ይመጣል። «ዲስታንት ሬላቲቭስ»ን ብትመለከቱ «ፔሸንስ» የተባለው ዘፈን የማሊዎቹን የአማዱና ማሪያምን «ሳባሊ» ይጠቀማል፤ «ላንድ ኦፍ ፕሮሚስ» ደግሞ የጃማይካዊውን የዴኒስ ብራውንን «ፕሮሚስድ ላንድ» ያነሣል። የአልበሙ ሐሳብ የአፍሪካና የተበተኑ ልጆቿ ዝምድና ነው። ይህን ያየ ሰው የማያውቀውን ሉፕ ፍለጋ ወደ ዲትሮይት ሳይሆን ወደ አፍሪካ የድሮ ቀረጻዎች ይሄዳል። ፍለጋው በአንድ ጊዜ ከሚሊዮን ዘፈን ወደ ጥቂት ሺህ ይጠባል።

ከዚያ በኋላ የሚጠባው በቅኝት ነው። የኢትዮጵያ ቅኝት ለሰለጠነ ጆሮ ወዲያው ራሱን ያስተዋውቃል፤ ነገር ግን ትልቁ ወጥመድ ያለውም እዚሁ ላይ ነው። አንድ ቅኝት የያዘው አምስት ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ በዚያው ቅኝት የተሠሩ ሁለት ዘፈኖች ምንም ሳይገናኙ ወንድማማች መስለው ሊሰሙ ይችላሉ። «ይሄ ከእገሌ ዘፈን የተሰረቀ ነው» የሚለው ክስ ብዙ ጊዜ የሚወለደው ከዚህ ነው። ቅኝት የሚያሳየው ሰፈሩን ነው፤ ቤቱን አያሳይም።

እጩ ካገኛችሁ በኋላ የጻፋችሁት ቁጥር ሥራ ይጀምራል። በድሮው ዘፈን ላይ እነዚያው ስምንት ምቶች ስንት ሰከንድ እንደሚወስዱ ለኩ። 5.1 ሰከንድ ሆኑ እንበል። 5.1ን ለ4.8 ስታካፍሉ 1.06 ገደማ ይመጣል፤ አዲሱ ከድሮው በስድስት በመቶ ፈጥኗል ማለት ነው። በሸክላ ማጫወቻ ላይ ፍጥነት ሲጨምር ድምፁም አብሮ ይቀጥናል፤ ስድስት በመቶ ደግሞ አንድ ግማሽ ድምፅ ያህል ነው፤ በፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ማለት ነው። ስለዚህ አዲሱ ዘፈን ከድሮው በትክክል በአንድ ግማሽ ድምፅ ከቀጠነ፣ ፕሮዲውሰሩ ድሮውን ቀረጻ እንዳለ አፍጥኖ እንደተጠቀመበት ጠንካራ ምልክት ነው። ፍጥነቱ ተለውጦ ድምፁ ካልቀጠነ ግን መደምደም አይቻልም። የዛሬ ኮምፒውተር ሁለቱን ለየብቻ መለወጥ ይችላል፤ ወይም ደግሞ ሌላ ባንድ መልሶ ተጫውቶት ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ስሌት ከድሮዎቹ የሂፕ ሆፕ ሥራዎች የሚያረካ የለም። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ኢ-ሙ ኤስፒ-1200 የተባለው መሣሪያ በጠቅላላው መያዝ የሚችለው አሥር ሰከንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ አንዱ ቁራጭም ከሁለት ሰከንድ ተኩል መብለጥ አይችልም። ፕሮዲውሰሮቹ መላ መቱ። በ33 ፍጥነት መጫወት ያለበትን ትልቁን ሸክላ በ45 እያስሮጡ ቀድተው፣ መሣሪያው ውስጥ ከገባ በኋላ መልሰው ያዘገዩታል። በዚህ ዘዴ ቁራጩ ከሩብ በላይ ያጥራል፤ ማስታወሻው ይቆጠባል። ነገር ግን እንዲህ ተፋጥኖና ተዘግቶ የተመለሰ ድምፅ እንደ ድሮው አይሆንም፤ ይሻክራል፣ ጥርት ያለው ላይኛው ድምፅ ይጠፋል። የዚያን ዘመን ሉፕ የሚፈልግ ሰው ይህን ሻካራነት የዘፈኑ ስታይል ብቻ አድርጎ ማየት የለበትም፤ የጉዞው ዱካ ነው። አንዳንዱም ቁራጩን ወደ ቦታው ሳይመልስ እዚያው ተፋጥኖ እንዳለ ይተወዋል። ያን ጊዜ ልዩነቱ አምስት ግማሽ ድምፅ ከትንሽ በላይ ይሆናል፤ ባሪቶን የነበረው ዘፋኝ እንደ ልጅ ይሰማል፤ ጆሮ ብቻውን ፈጽሞ አያውቀውም።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይመጣል፦ የተሰማው ድሮው ቀረጻ ራሱ ነው ወይስ መልሶ የተጫወቱት? ጥያቄው የሂፕ ሆፕን ያህል ያረጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው «ራፐርስ ዲላይት» የሺክን «ጉድ ታይምስ» ሳምፕል ያደረገ ይመስላል፤ ነገር ግን ያንን ቤዝ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀመጡ ሙዚቀኞች እንደገና ተጫውተውታል። ዜማው የሺክ ነው፤ ቀረጻው ግን አይደለም።

ለመለየት የሚጠቅመው ዋናው ምልክት በአጋጣሚ የተፈጠረ ነገር ነው። የዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ቀረጻዎች ባብዛኛው ባንዱ አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ላይ ተጫውቶ የተቀዱ ናቸው። እንዲህ ያለ ባንድ ምቱን እንደ ሰዓት አይጠብቅም፤ ከበሮው አንድ ቦታ ላይ በጥቂቱ ይቸኩላል፣ ጊታሩ ሌላ ቦታ ላይ ዘግየት ይላል፣ አንድ ምት ከሌላው ይጠነክራል። ሰው በሁለተኛው ዙር ሲጫወተው ደግሞ መቸኮሉም መዘግየቱም ቦታውን ይለውጣል። ሉፕ ሲሆን ግን ያው መቸኮል በየዙሩ በያው ቦታ ላይ ይመለሳል። «የግሌ ትዝታ»ን ክፈቱና ከመክፈቻው ጀምሮ ያለውን አካሄድ ለብዙ ዙር ተከታተሉት፤ ባንዱ ይተነፍሳል፣ ዙሮቹ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ ዓይነት አይደሉም። ከዚያ «አዝ ዊ ኤንተር»ን ክፈቱ። የቅጂው ዙሮች ሳይንቀሳቀሱ ይደጋገማሉ። ከድሮው ዙሮች መካከል አንዱን ከነጥቃቅን ጉድለቱ ከአዲሱ ጋር ስታገጣጥሙት፣ ነገሩ ከመመሳሰል አልፎ ያው ራሱ ይሆናል።

ሁለተኛው ምልክት ያለው በመጋጠሚያው ላይ ነው። ሲምባል ሲመታ ድምፁ ቀስ እያለ እየሞተ ይሄዳል። ፕሮዲውሰሩ ሉፑን ሲቆርጥ ግን ያ ድምፅ ሳይሞት በመቀስ እንደተቆረጠ ክር ድንገት ይጠፋል፤ ወይም ከተቆረጠው ቦታ ቀጥሎ ሊመጣ የነበረው መሣሪያ ገና ሲጀምር ጫፉ ብቻ ይሰማና ይዋጣል። በ«የግሌ ትዝታ» ዓይነት ሥራ ላይ ሳክስፎኑ ዜማውን ይዞ ከገባ በኋላ ንጹሕ ቁራጭ ማግኘት ስለሚከብድ፣ ፕሮዲውሰሮች የሚያነጣጥሩት ዜማው በማይሰማበት የባንዱ አካሄድ ላይ ነው። ስለዚህ ድሮውን ዘፈን ስትፈትሹ ከመክፈቻው ጀምሩ፤ ቀጥሎም ዜማው ዝም ያለባቸውን ቦታዎች ሁሉ አዳርሱ።

ሦስተኛው የሸክላው ጠባሳ ነው። ሉፑ ከሸክላ ላይ የተቀዳ ከሆነና በተቆረጠው ቦታ ላይ ጭረት ካለ፣ ያቺ «ጠሽ» የምትል ድምፅ በየዙሩ በአንድ ቦታ ላይ ትመለሳለች። ይህ ከሸክላ መቀዳቱን ያሳያል። አለመኖሩ ግን ምንም አያሳይም፤ ምክንያቱም ጭረት ሊጸዳ ይችላል፣ ቁራጩም ከሲዲ ተወስዶ ሊሆን ይችላል።

በጆሮ የማይረካ ሰው ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው አንድ ፈተና አለ። ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። ድሮውን ቁራጭና የአዲሱን ተመሳሳይ ቦታ አንዱን በአንዱ ሥር ታስቀምጣላችሁ፤ ፍጥነታቸውን ታስተካክላላችሁ፤ መነሻቸውን እስከ ሺኛ ሰከንድ ድረስ ታገጣጥማላችሁ። ከዚያ አንዱን መርጣችሁ Invert የሚለውን ትጫናላችሁ። ይህ ሞገዱን ይገለብጠዋል፤ ወደ ላይ የነበረው ወደ ታች ይሆናል። ሁለቱ አብረው ሲጫወቱ አንድ ዓይነት የሆነው ነገር ሁሉ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ የማይመሳሰለው ብቻ ይቀራል። ሉፑ ከድሮው ቀረጻ ከሆነ የድሮው ባንድ ደብዝዞ ድምፃውያኑና አዲሱ ከበሮ ጎልተው ይቀራሉ። መልሶ የተጫወቱት ከሆነ ግን ምንም አይጣፋም፤ ሁለቱ ባንዶች ተደራርበው ይጮኻሉ። በተግባር ሙሉ ዝምታ አይገኝም። አዲሱ ዘፈን ሲቀነባበር የድምፁ ቀለም ተለውጧል፤ ኤምፒ3 የሆነ ፋይልም ብዙ ነገር ያበላሻል። በከፊል ከተጣፋ በቂ ምስክር ነው፤ ካልተጣፋ ግን «አይደለም» ብሎ ለመፍረድ አትቸኩሉ።

ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ ብዙ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። በእኔ እምነት ግማሹ ገና ነው፤ ምክንያቱም የሚፈለገው ቀረጻውና ሸክላው እንጂ የዘፈኑ ስም ብቻ አይደለም። «የግሌ ትዝታ»ን ዓለም በሰፊው ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1998 ፈረንሳያዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በቡዳ ሙዚክ ኩባንያ ባሳተመው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አራተኛ ቅጽ ነው። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮከን ፍላወርስ» የሙላቱን ሥራዎች፣ ከእነርሱም ውስጥ «የግሌ ትዝታ»ን፣ ሲኒማ ለሚመለከተው ሰው ሁሉ አደረሰ። የናስና የዴሚያን አልበም የወጣው ከዚህ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል የተነሣ አንዳንድ መዝገብ የሙዚቃውን ዓመት 1998 ብሎ ይጽፋል። ይህ የሲዲው ዓመት ነው። የሲዲው ሽፋን ራሱ ቀረጻዎቹ ከ1969 እስከ 1974 ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠሩ መሆናቸውን ይናገራል።

ያ ዘመን ደግሞ የአምሃ እሸቴ ዘመን ነው። ሸክላ ማሳተም በመንግሥት ብቻ የተያዘ በነበረበት ወቅት፣ ይህ ወጣት ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ፤ ሸክላዎቹንም መጀመሪያ ህንድ ልኮ አስቀረጸ። እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽ ባለ 45 ሸክላዎችንና ደርዘን የሚሆኑ ትልልቅ አልበሞችን አወጣ። በጂማ ተወልዶ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን የተማረው ሙላቱም በኒውዮርክ ሸክላዎችን ካሳተመ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ የኢትዮጵያን ቅኝት ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር ያዋሐደበትን ሥራ ያሳተመው በዚህ ኩባንያ ነው። ኒውዮርክ ላይ የታተሙት ሥራዎቹና አዲስ አበባ ላይ የታተሙት የተለያዩ ቀረጻዎች ናቸው፤ አንዱን በሌላው ቦታ መመዝገብ የተለመደ ስሕተት ነው።

ከዚህም የሚብሰው የስም መደበላለቅ ነው። በዚያው አራተኛ ቅጽ ላይ «ትዝታ» የሚባል ሌላ ሥራ አለ፤ «ትዝታዬ አንቺ ልጅ» የሚባልም አለ። «የግሌ ትዝታ» ከሁለቱም የተለየ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ Yegelle Tezeta፣ ሌላው Yègellé Tezeta፣ ሌላው Yegele Tizita ይለዋል። በመረጃ ቋት ውስጥ በአንድ አጻጻፍ ፈልጋችሁ ስታጡ የለም ብላችሁ አትተዉ። ሙላቱ ራሱ ሥራዎቹን በየመድረኩና በየስቱዲዮው ደጋግሞ ተጫውቷል፤ የውጭ ባንዶችም ተጫውተዋቸዋል። ድሮው ቀረጻ መሆኑን የሚያረጋግጠው ቅድም ያየነው የአጋጣሚው ምልክት ነው፤ ርዕሱ ብቻ በቂ አይደለም።

ሸክላው በእጃችሁ ከገባ መረጃው ከመለያ ወረቀቱ አያልፍም ብላችሁ አታስቡ። ሙዚቃው አልቆ መርፌው ወደ መሐል በሚሄድበት ባዶ ቀለበት ላይ፣ በብርሃን አዘንብላችሁ ስታዩት፣ በእጅ የተጫረ ወይም የተመታ ቁጥር አለ። ይህ ሸክላው የታተመበት ቅርጽ ቁጥር ነው። ሁለት ሸክላዎች አንድ ዓይነት መለያ ወረቀት ቢኖራቸውም በዚህ ቁጥር ከተለያዩ ሕትመታቸው የተለያየ ነው፤ አንዱ የመጀመሪያው፣ ሌላው በኋላ የተባዛ ሊሆን ይችላል።

ለምን ይህን ያህል መድከም? ሕጉ ራሱ ሁለቱን ነገሮች ስለሚለያይ ነው። ዜማውን የደረሰው ሰው አንድ መብት አለው፤ ቀረጻውን ያሠራው ደግሞ ሌላ መብት አለው። «ራፐርስ ዲላይት» የነካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። «አዝ ዊ ኤንተር» ሁለቱንም ነክቷል። አገራችንም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት ከድምፅ ሪከርድ አዘጋጁና ከከዋኞች መብት ለይታ ደንግጋለች። ስለዚህ አንድ ሉፕ ሲገኝ «የሙላቱ ነው» ማለት ለዜማው መልስ ይሆናል። የቀረጻው መልስ ግን ወደ አምሃ ሪከርድስ ይወስዳል፤ ከዚያም መብቱ ለማን እንደተላለፈ ይጠየቃል።

ሦስተኛው ወገን ደግሞ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ነው። ሉፑ ውስጥ የምንሰማው የሙላቱን ሐሳብ ነው፤ ድምፁ ግን የቤዝ ተጫዋቹ፣ የጊታር ተጫዋቹና የከበሮ መቺው ነው። የዚያ ዘመን ባለ 45 ሸክላ መለያ ወረቀት የዘፋኙን ወይም የመሪውን ስም ጽፎ የባንዱን አባላት ብዙ ጊዜ ይዘላቸዋል። ሙላቱና ሳክስፎኒስቱ ፈቃደ አምደ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት የኢትዮ ጃዝ አልበም የሁለቱንም ስም በሽፋኑ ላይ ይዟል፤ ለብዙዎቹ አጃቢዎች ግን እንዲህ ያለ ሽፋን አልደረሳቸውም። ስለዚህ በደንብ የተመዘገበ ሉፕ ሦስት መስመር ያስፈልገዋል፦ ዜማውን ማን ደረሰው፣ ቀረጻው በየትኛው ሸክላ ላይ ወጣ፣ በተቆረጠው ቁራጭ ውስጥ የሚጫወቱት እነማን ናቸው። ሦስተኛውን መስመር ኮምፒውተር አይሞላውም። የሚሞላው በየሆቴሉና በየክበቡ አብረው ይጫወቱ የነበሩ ሙዚቀኞችን በሕይወት እያሉ ቁራጩን አሰምቶ በመጠየቅ ነው። የድሮ ሙዚቀኛ የጓደኛውን አመታት ከሁለት ዙር በኋላ ይለየዋል።

ሥራ መጀመር ለሚፈልግ የሚቀጥለው ቦታ የካሊፎርኒያው ፕሮዲውሰር ኦ ኖ እ.ኤ.አ. በ2009 በስቶንስ ስሮው ያወጣው «ዶክተር ኖስ ኢትዮፒየም» ነው። አልበሙ በሙሉ የተገነባው ከስድሳዎቹና ከሰባዎቹ የኢትዮጵያ ሸክላዎች በተቆረጡ ቁራጮች ነው፤ ቁራጮቹም አጫጭር፣ ተከትፈው የተደራረቡ ናቸው። ከወላጆቹ ቤት የካሴት ሳጥን ያለው ሰው አንድ ቁራጭ መርጦ ምቱን ቆጥሮ ይጀምር፤ ፍጥነቱን ይለካ፤ ከዚያ ካሴቶቹን አንድ በአንድ ከመክፈቻቸው እየሰማ ይፈትሽ።